ቋሚ፣ ጊዜያዊ ወይስ ፓርት ታይም? ሥራው በወቅት ለሚደራ ድርጅት የትኛው ያዋጣል

ሥራቸው በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት ብቻ የሚደራ ጓደኞች አሉኝ። ወቅቱ በተቃረበ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ቋሚ ሰው ልቅጠር ወይስ ጊዜያዊ ይሻለኛል?» ስለ ፓርት ታይም የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ የማደላው ወደዚያው ነው። ለምን እንደሆነ በሂሳብ ላሳያችሁ።

ፍራፍሬ እየለየ በካርቶን የሚያሽግ አንድ ድርጅት እንውሰድ። በዓመት 8 ወር ሥራው ይቀዘቅዛል፤ በወር 480 የሥራ ሰዓት ይበቃዋል። በቀሩት 4 ወራት ይደራና በወር 1,440 ሰዓት ይፈልጋል። አንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በወር 160 ሰዓት ይሠራል ካልን፣ ሲቀዘቅዝ 3 ሰው፣ ሲደራ 9 ሰው ማለት ነው። በማንኛውም ገንዘብ ለማስላት እንዲመች የአንድ ሰዓት ደሞዝን 1 ነጥብ እንበለው። ጡረታው፣ የዓመት ፈቃዱና ሌላው ሲጨመር የአንድ ቋሚ ሠራተኛ ሰዓት 1.25 ነጥብ ይወጣል እንበል። ኤጀንሲ የሚያቀርበው ጊዜያዊ ሠራተኛ ደግሞ ኮሚሽኑን ጨምሮ 1.5 ይሁን። እነዚህ ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር ተኩባቸው።

9ኙንም ቋሚ አድርጎ መቅጠር ሐሳብ ያሳርፋል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በዓመት የሚከፈልበት 17,280 ሰዓት ነው፤ ሥራው የሚፈልገው 9,600 ብቻ። ወጪው 21,600 ነጥብ ይመጣል። ያ ማለት በትክክል የተሠራበት እያንዳንዱ ሰዓት 2.25 ነጥብ ወጣበት። «እንግዲያው አማካዩን ልቅጠር» የሚሉ አሉ። አማካዩ በወር 800 ሰዓት፣ ማለትም 5 ሰው ነው። ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይኼ ነው። 8 ወር ሙሉ 2 ሰው ያለ ሥራ ይቀመጣል፣ ሥራው ሲደራ ደግሞ 4 ሰው ይጎድላል። ቋሚ ሠራተኛ መቆጠር ያለበት በአማካዩ ሳይሆን በቀዝቃዛው ወር ልክ ነው።

ወደ ጊዜያዊ እንለፍ። 3 ቋሚ እና ለ4 ወር 6 ጊዜያዊ። በወረቀት ላይ 7,200 ለቋሚዎቹ፣ 5,760 ለኤጀንሲው፣ በድምሩ 12,960 ነጥብ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ካልኩሌተሩን ያስቀምጣል። ግን አዲስ ሰው በመጀመሪያው ወር የለመደውን ሰው ያህል አይሠራም። 60 በመቶ ያህል ቢሠራ እንኳ 384 ሰዓት ይጎድላል። እያንዳንዱን ለማሠልጠን ደግሞ ከቋሚዎቹ 20 ሰዓት ቢወሰድ፣ ሌላ 120 ሰዓት ሄደ፤ ያውም በጣም በምትፈልጉት ሳምንት። ይህን በተጨማሪ ሰው ስንሸፍነው ሂሳቡ 13,716 ይደርሳል።

ዋናው ጉዳት ግን እዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። ስህተት ሲታረም ነው የሚታየው። አዲሱ ሠራተኛ የአንደኛ ደረጃ ካርቶን ላይ የሁለተኛ ደረጃውን ፍሬ ይሞላል፤ ወይም ሌብል ያቀያይራል። ገዢው አንድ ካርቶን ከፍቶ ሲያይ ጭነቱን እንዳለ ይመልሰዋል። ከዚያ ፕላስተሩ ይቀደዳል፣ ፍሬው እንደገና ይለያል፣ አዲስ ካርቶንና አዲስ ሌብል ይወጣለታል። ሁለት ጊዜ የተነካካ ፍሬ ደግሞ ይላላጣል። ይህን የሚያርመው ማነው? ደረጃውን አይቶ የሚያውቀው ቋሚው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ምርጡ ሰዋችሁ በደራው ወር የሌላውን ስህተት ሲያቃና ይውላል።

ኤጀንሲ ሰው ሲቀያይር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የማውቀው አንድ ድርጅት ይኼ ደርሶበታል። ሰኞ ሰኞ አዲስ ፊት ይመጣ ነበር። የሰው ቁጥሩ 6 ነው፣ ደረሰኙም ትክክል ነው። ሥራው ግን ወቅቱን ሙሉ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ እንደቆመ አለቀ። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ የአሻጊውን ቁጥር ጻፉ፣ በየቀኑ ከየጠረጴዛው ጥቂት ካርቶን ከፍታችሁ እዩ። በሁለተኛው ሳምንት ስህተቱ ካልቀነሰ፣ ወይ ሥልጠናው አልሠራም ወይ ሰው እየተቀየረ ነው። ውሉ ላይም ሠራተኞቹ በስም ይጠቀሱ። ያለ እናንተ ፈቃድ አይቀየሩ፤ ከተቀየሩም የአዲሱ የሥልጠና ሰዓት በኤጀንሲው ሂሳብ ይሁን።

ኤጀንሲውን ትቶ በጊዜያዊ ውል በቀጥታ መቅጠር ኮሚሽኑን ያድናል። ግን ውሉን በየወቅቱ እያደሱ ዘላለም መቀጠል ያስጠይቃል። በብዙ አገር ተደጋግሞ የታደሰ ውል እንደ ቋሚ ሊቆጠር ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ያወጣው መመሪያ አባል አገሮች ይህን ብልሹ አሠራር እንዲከላከሉ ያስገድዳል። የአገራችሁን ሕግ ሳታዩ አትፈርሙ።

አሁን ወደ እኔ ምርጫ። 2 ቋሚ፣ 4 ፓርት ታይም፣ ሲደራ ብቻ 4 ጊዜያዊ። ፓርት ታይሞቹ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዳቸው በወር 40 ሰዓት፣ ሲደራ 120 ሰዓት ይሠራሉ። ለቋሚዎቹ 4,800፣ ለፓርት ታይሞቹ ለ3,200 ሰዓት በ1.25 ሂሳብ 4,000፣ ለጊዜያዊዎቹ የመጀመሪያውን ወር ድክመትና ሥልጠናውን ጨምሮ 4,344 ነጥብ። ድምሩ 13,144 ነው። ለፓርት ታይሞቹ እንደ ቋሚው ሁሉ 1.25 የያዝኩት ሆን ብዬ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1994 ያጸደቀው የፓርት ታይም ሥራ ስምምነት ጥቅማ ጥቅማቸው ከሰዓታቸው ጋር ተመጣጣኝ እንዲሆን ይጠይቃል። ፓርት ታይም ማለት ርካሽ ሰው ማለት አይደለም።

ከጊዜያዊው አማራጭ ጋር ያለው ልዩነት 572 ነጥብ ብቻ ነው፤ 4 በመቶ ገደማ። ልቤን የሚያሸንፈው ግን ሌላ ቁጥር ነው። በጊዜያዊው አማራጭ፣ በደራው ወር ከ1,440 ሰዓት ውስጥ ሥራውን በሚያውቅ እጅ የሚሠራው 480 ነው፤ ሲሶው። በዚህኛው 800 ነው፤ ከግማሽ በላይ። በየጠረጴዛው አዲሱ ሰው አጠገብ የለመደ ሰው ይቆማል። የተሳሳተው ካርቶን ፕላስተር ሳይለጠፍበት ይያዛል።

ይህ የሚሠራው ግን ሰዓቱ በቃል ሳይሆን በውል ሲቀመጥ ነው። ዝቅተኛው ሰዓት 40፣ ከፍተኛው 120፣ ፕሮግራሙም ከስንት ሳምንት በፊት እንደሚነገር ይጻፍ። ዝቅተኛ ሰዓት ካላረጋገጣችሁለት ሰውዬው ሌላ ሥራ ይይዛል፣ በደራው ወር ስልክ አያነሳም። ስትቀጥሩም «ሌላው ሥራህ የሚበዛው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእሱ ጫና ከእናንተ ጋር ከገጠመ፣ ጎበዝ ቢሆንም አይሆናችሁም። ተማሪ ከሆነ የፈተናውን ጊዜ ቀድማችሁ እወቁ። ሰዓቱንም ከወቅቱ 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ መጨመር ጀምሩ።

የማላደላበት ጊዜም አለ። የሥራው ግርግር ከ3 ሳምንት የማያልፍ ከሆነና ሥራው መጫንና ማውረድ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ፓርት ታይም መያዝ ትርጉም የለውም፤ ጊዜያዊ ውሰዱ። የማሸጊያ ማሽኑን የሚጠግነው ሰው ግን ወሩ ቢቀዘቅዝም ቋሚ ይሁን። እሱ በሄደ ጊዜ ሌላ ሰው ማሽኑን እስኪለምደው ወቅቱ ያልቃል። ለፓርት ታይም ሰው ስትፈልጉ ደግሞ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ያለፈው ወቅት የካርቶን ቁጥር መዝገብን ክፈቱ። ስህተታቸው በፍጥነት የቀነሰው ጊዜያዊዎች ስም እዚያ አለ፤ መጀመሪያ ለእነሱ ደውሉ።