ፒክ ዲቴክተር ወይስ ሳምፕል ኤንድ ሆልድ?

የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሳ የሚስበውን ከፍተኛ ከረንት ለመያዝ ሁለቱንም ሰርኪውቶች ሞክሬያለሁ። ሳምፕል ኤንድ ሆልድ «አሁን ያዝ» የሚለው ምልክት ይፈልጋል። ጫፉ መቼ እንደሚመጣ ግን ማን ያውቃል? ፒክ ዲቴክተር በዳዮዱ በኩል ካፓሲተሩን ራሱ ይሞላል፤ ለዚህ ሥራ እሱን መረጥኩ።

ጣጣው ከያዘ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 15 ዲግሪ ገደማ፣ የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሬ በሰከንድ 5 ሚሊቮልት ይወርድ ነበር። ድሩፕ የሚሉት ይህን ነው፤ የሚሾልከው ከረንት ለካፓሲተሩ መጠን ሲካፈል ይገኛል። እዚህ 5 ናኖአምፔር መሆኑ ነው። ሸዋሮቢት፣ 35 ዲግሪ ላይ፣ በሰከንድ 20 ሚሊቮልት ሆነ። የዳዮድ ሊኬጅ በየ10 ዲግሪው በግምት እጥፍ ይሆናላ! 10 ሰከንድ ዘግይቼ ሳነብ 200 ሚሊቮልት ጠፍቷል።

ካፓሲተሩን 10 እጥፍ ባሳድገውስ? ድሩፑ ይቀንሳል፣ መሙያ ጊዜው ግን ይረዝማል። 20 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ኦፕአምፕ 1 ማይክሮፋራድን ወደ 2 ቮልት ለማድረስ 100 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል፤ 10 ማይክሮፋራድ ሲሆን 1 ሚሊሰከንድ። ለሞተር ይሄ ምንም አይደለም፣ ለአጭር ብልጭታ ግን ጫፉ ያመልጣል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ግን አታስገቡ፤ ራሱ ያፈሳል። ፖሊፕሮፒሊን ይሻላል።