ፎቶ አይቶ የሚነግራችሁ ኤአይ ወይስ ፎቶ የሚሰራላችሁ? ከመክፈላችሁ በፊት

"ለፎቶ አሪፍ ኤአይ የቱ ነው?" ለሚል ሰው እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ያለህን ፎቶ አይቶ እንዲነግርህ ነው የፈለግከው ወይስ ፎቶ እንዲሰራልህ? ቻትጂፒቲም ጀሚናይም ሁለቱንም ስለሚያደርጉ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ስራው ለየቅል ነው፣ የሚሳሳቱበት መንገድም እንደዛው።

አይቶ የሚነግርህ ፎቶህን ቆራርጦ ወደ ቁጥር ይቀይረውና ከጥያቄህ ጋር አንድ ላይ ያነበዋል፣ የሚመልስልህ ጽሁፍ ነው፣ ፎቶህን ንክች አያደርገውም። የሚሰራው ግን ሌላ ነው፣ ብዙዎቹ የሚጀምሩት አንቴናው የተበላሸ ቲቪ ላይ ከምናየው ዝናብ ከመሰለ ነገር ነው፣ ከዛ ባዘዝከው መሰረት ቀስ በቀስ እያጠሩት ምስል ይሆናል። እንዲህ አይነት እቃ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ያንተን እቃ ግን አያውቀውም።

ጅማ ላይ የእንጨት ስራ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው እንበል። ባለ ሶስት እግር በርጩማ፣ ጠርዙ ላይ በእጅ የተቀረጸ ጌጥ አለው፣ ፎቶው ሱቅ ውስጥ የተነሳ ስለሆነ ከጀርባው ጄሪካንና ኬሻ ይታያል። ለአይቶ ነጋሪው ሰጥቶ "ለፖስት የሚሆን አጭር ጽሁፍ ጻፍልኝ" ቢለው ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ ጌጡን ይጽፍለታል። ችግሩ ያላየውንም ሊጨምር ይችላል፣ "ከዋንዛ እንጨት የተሰራ" ይልሃል ከፎቶ እንዴት አውቆ? ግን ይሄ ቀላል ነው፣ ጽሁፉን ከበርጩማው ጋር አስተያይተህ አንዷን አረፍተ ነገር ትሰርዛለህ።

ለሚሰራው "ጀርባውን አጽዳልኝ" ሲለው ነው ጉዱ። ብዙዎቹ ሙሉ ፎቶውን እንደ አዲስ ነው የሚስሉት፣ ስለዚህ ጄሪካኑ ይጠፋል፣ ፎቶው ያምራል፣ ግን ጌጡን ዙም አድርገህ ስታየው መስመሮቹ ተቀይረዋል፣ አንዳንዴም አራተኛ እግር ይበቅላል ምክንያቱም እሱ የሚያውቀው በርጩማ አብዛኛው ባለ አራት እግር ነው። ገዢው አዲሳባ ሆኖ አዞ ሲደርሰው "ያሳየኸኝ ይሄ አይደለም" ቢል እውነቱን ነው። ለዚህ ስራ የሚሻለው ባክግራውንድ ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ አፕ ነው፣ ቆርጦ ያወጣል እንጂ እቃውን አይስለውም፣ ብዙ ቦታም በነጻ ይገኛል። የግድ ኤዲት የሚያደርግ ከፈለግክ የሚቀየረውን ቦታ በጣትህ ቀብተህ የምትመርጥበት ይሁን፣ ያልቀባኸው ቦታ የመቀየር እድሉ በጣም ይቀንሳል።

ሳትከፍሉ መሞከሪያ መንገድ አለ። ለአይቶ ነጋሪው የዛኑ በርጩማ ፎቶ ላኩና "አራተኛው እግር ላይ ያለው ስንጥቅ ትልቅ ነው?" በሉት። "እኔ የማየው ሶስት እግር ነው" ካለ ደህና ነው፣ "አዎ ትንሽ ስንጥቅ አለው" ካለ ግን እሱ ፎቶውን ሳይሆን እናንተን ነው የሚሰማው። ለሚሰራው ደሞ ጀርባውን ብቻ ቀይር በሉና ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጌጡን እዩ፣ እግሩን ቁጠሩ።

በጣም የማስጠነቅቀው ግን ደረሰኝ ላይ ነው። ቡና ያስረከባችሁበት ወረቀት ፎቶው ደብዝዞ ኪሎው አልነበብ ሲል ለሚሰራው ሰጥቶ "አጥራልኝ" የሚል ሰው አለ። ያጠራዋል፣ ጥርት ያለ 7 ይወጣል፣ ግን ወረቀቱ ላይ 1 ሊሆን ይችላል፣ በፎቶው ውስጥ የሌለ መረጃ ከየት ይመጣል፣ ፈጠረው ማለት ነው፣ ያውም ፎቶ ስለሆነ ማስረጃ ይመስላል። ደረሰኝ የአይቶ ነጋሪው ስራ ነው፣ ለሱም "ያልተነበበህን ቁጥር አትገምት፣ አይነበብም በል" በሉት፣ ድምሩን ግን ራሳችሁ ደምሩ። ከሁሉም የሚሻለው ወረቀቱን መስኮት ጋ ወስዶ እንደገና ማንሳት ነው።

ፖስተር፣ የቡና ፓኬት ሀሳብ፣ የሌለ ነገር መሳል ከሆነ ፍላጎታችሁ ያኔ የሚሰራው ነው የሚያዋጣው፣ መፍጠሩ እዛ ጋ ጥቅም ነው። የአማርኛ ጽሁፍ ግን ብዙ ጊዜ ፊደሉን ያበላሽባችኋል፣ ምስሉን ያለ ጽሁፍ አሰሩና ስሙንና ዋጋውን ካንቫ ላይ ጻፉ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ማየቱ በነጻውም ብዙ ያስኬዳል፣ ነጻው ቶሎ የሚያልቀው ምስል ማሰራቱ ላይ ነው። ቻትጂፒቲ ፕላስ በወር 20 ዶላር ነው፣ በዶላር የሚከፍል ካርድም ይፈልጋል፣ በሳምንት ሁለት በርጩማ ለሚፖስት ሰው እኔ አልመክርም፣ በየቀኑ ዲዛይን ለሚሰራ ግን አንድ ወር ከፍሎ ማየት ነው።