5700፣ 5700X ወይስ 5700X3D? ጊጋኸርዙ ያነሰው ፕሮሰሰር በጌም የሚቀድምበት ምክንያት

በደምበል ወይም በስታዲየም ዙሪያ ካሉ የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ለጌም የሚሆን ፕሮሰሰር የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ጊጋኸርዝ ነው። «ወንድሜ፣ ይህኛው 4.6 ነው፤ ያኛው 4.1 ብቻ ሆኖ ሳለ ዋጋው ይበልጣል፤ ለምን ትከስራለህ?» ይላል ሻጩ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ሆኖም ፕሮሰሰሩን በሚያስጨንቁ ብዙ ጌሞች የሚቀድመው 4.1 የተባለው ነው።

የኤኤምዲ ራይዘን 7 ሦስት ወንድማማቾችን እናነጻጽር። ሦስቱም ስምንት ኮር አላቸው፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ ይሰካሉ፤ የሚጠቀሙትም ዲዲአር4 ራም ነው። የሚለያዩት በሚከተለው ነው፦

| ፕሮሰሰር | ከፍተኛ ፍጥነት | ኤል3 ካሽ |
|---|---|---|
| 5700 | 4.6 ጊጋኸርዝ | 16 ሜጋባይት |
| 5700X | 4.6 ጊጋኸርዝ | 32 ሜጋባይት |
| 5700X3D | 4.1 ጊጋኸርዝ | 96 ሜጋባይት |

የመጨረሻው ያን ሁሉ ካሽ ያገኘው፣ በተለመደው 32 ሜጋባይት ላይ ሌላ የ64 ሜጋባይት ስስ ቺፕ ስለተደረበበት ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ድርብርብ ነው፤ የተደረበው ቺፕ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ አይችልም፣ ሙቀትም እንደ ልብ አያሳልፍም።

ካሽ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ግን ፈጣን ማኅደረ ትውስታ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን መረጃ ኤል3 ካሽ ውስጥ ካገኘው በግምት በ10 ናኖሴኮንድ ያመጣዋል። ካላገኘው ወደ ራም ይሄዳል፤ ይህ 70 ናኖሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ሽንኩርት ሲያልቅ ከሰፈር ሱቅ ማምጣትና መርካቶ ድረስ መሄድ ማለት ነው። በ4.6 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ኮር በእነዚያ 70 ናኖሴኮንዶች ውስጥ ከ320 ጊዜ በላይ ይመታል፤ የሚጠብቀው መረጃ ለቀጣዩ ሥራ የግድ ከሆነ ግን አብዛኛው ምት ባክኖ ይቀራል። ጊጋኸርዙን ከፍ ማድረግ ራሙን አያፈጥነውም፤ የሚባክኑትን ምቶች ቁጥር ብቻ ያበዛል።

ይህ ለጌም ለምን ከሌላው ሥራ ይልቅ ይከብዳል? ጌም በእያንዳንዱ ፍሬም የዓለሙን ሁኔታ እንደገና ይቃኛል። ገጸ ባሕርያቱ የት እንደደረሱ፣ ምን ከምን እንደተጋጨ፣ ምን መሳል እንዳለበት ሁሉ ይጠየቃል። መረጃው በራም ውስጥ ተበታትኖ የተቀመጠ ነው፤ አንዱ የሌላውን አድራሻ ይዞ ስለሚገኝ ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን አስቀድሞ ለመገመት ይቸገራል። አንድ ጌም በየፍሬሙ የሚነካካው መረጃ 60 ሜጋባይት ነው እንበል። በ32 ሜጋባይት ካሽ ላይ ዙሩ ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ መረጃዎች በኋለኞቹ ተገፍተው ይወጣሉ፤ በቀጣዩ ፍሬም ሲፈለጉ ብዙዎቹ እንደገና ከራም ይመጣሉ። በ96 ሜጋባይት ላይ ግን አብዛኛው እዚያው ይቆያል። የቪዲዮ ቅንብር ሥራ ከዚህ ይለያል፤ መረጃው በተርታ ስለሚመጣ ፕሮሰሰሩ ቀድሞ ያስመጣዋል፣ የካሽ ትልቅነትም ያን ያህል አይጠቅመውም።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። በ5700X አንድን ፍሬም ማዘጋጀት 8 ሚሊሰኮንድ ይፈጃል እንበል፤ 5ቱ ስሌት፣ 3ቱ ራም መጠበቅ። ይህ በሰከንድ 125 ፍሬም ነው። ይኸው ፕሮሰሰር ተገፍቶ 4.8 ጊጋኸርዝ ቢደርስ ስሌቱ ወደ 4.79 ይወርዳል፣ ጥበቃው ግን 3 እንደሆነ ይቀራል፤ ውጤቱ 128 ፍሬም ነው። ለሦስት ፍሬም ሲባል ያ ሁሉ ሙቀት! በ5700X3D ደግሞ ስሌቱ በዝግታው ምክንያት ወደ 5.61 ያድጋል። ትልቁ ካሽ ጥበቃውን በግማሽ ከቀነሰው ግን ድምሩ 7.11 ሚሊሰኮንድ ይሆናል፤ ይህም 140 ፍሬም ገደማ ነው። በተጨማሪም ድንገተኛ መንተፋተፍን የሚያስከትሉት ብዙ ጊዜ ጥበቃ የበዛባቸው ፍሬሞች ስለሆኑ፣ ልዩነቱ ከአማካዩ ይልቅ በእነዚያ ጎልቶ ይታያል።

ሒሳቡ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። የጌሙ መረጃ ቀድሞውኑ በ32 ሜጋባይት ውስጥ የሚበቃ ከሆነ፣ ከ8 ሚሊሰኮንዱ 7.5ቱ ስሌት ይሆንና ትልቁ ካሽ የሚያድነው ነገር ያጣል። ያን ጊዜ 5700X3D ወደ 112 ፍሬም ይወርዳል፣ 5700X በ125ቱ ይቀጥላል። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርና ፋክቶሪዮ ከትልቅ ካሽ እጅግ የሚጠቀሙ ናቸው፤ የቆየው ካውንተር-ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ ግን እምብዛም አልተጠቀመም። ኮምፒውተሩን በአብዛኛው ቪዲዮ ለማቀናበር የሚፈልግ ሰውም 5700X ይሻለዋል፤ በዚያ ሥራ ሻጩ ልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መመርመር ያለበት ግራፊክስ ካርዱ ነው። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ ላለው ሰው ብዙዎቹ አዳዲስ ጌሞች የሚያስጨንቁት ካርዱን ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ጨርሶ ካርዱን ይጠብቃል። ምርመራው ቀላል ነው። በጌሙ ቅንብር ውስጥ የፍሬም ገደብና ቪሲንክ ካሉ ያጥፏቸው፤ አንድ ቦታ ቆመው የፍሬሙን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከዚያ ሪዞሉሽኑን በጣም ዝቅ አድርገው እዚያው ቦታ ላይ ይመልከቱ። ቁጥሩ በደንብ ከጨመረ የያዘዎት ካርዱ ነው፤ ገንዘብዎን ለካርድ ያስቀምጡ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የያዘዎት የፕሮሰሰሩ ወገን ነው፤ ትልቁ ካሽ ሊያግዝ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

የስሙ መመሳሰል ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። 5700 እና 5700X በአንድ ፊደል ቢለያዩም የመጀመሪያው ካሽ የሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ጊጋኸርዛቸው እኩል ስለሆነ ያንን ቁጥር ብቻ የሚያይ ገዢ አይለያቸውም። ለጌም ከሆነ 5700ን በጣም ካልረከሰ በቀር አልመክርም። የተገጠመ ኮምፒውተር ሲገዙ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በዊንዶውስ ፓወርሼል ላይ ይህን ያስጽፉ፦

```
Get-CimInstance Win32_Processor | Select Name, L3CacheSize
```

የሚወጣው ቁጥር በኪሎባይት ነው። 98304 ካለ 96 ሜጋባይት፣ 32768 ካለ 32፣ 16384 ካለ 16 ሜጋባይት ነው። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው በ Task Manager የ Performance ገጽ ላይ ፕሮሰሰሩን መርጦ L3 cache የሚለውን ማየት ይችላል።

የቆየ B450 ወይም B550 ማዘርቦርድ ላለው ሰው 5700X3D ደስ የሚል ምርጫ ነው፤ ማዘርቦርዱንም ራሙንም መለወጥ አያስፈልገውም። አስቀድሞ ግን የማዘርቦርዱ አምራች ለዚህ ሞዴል ያወጣውን ባዮስ ይጫን፤ የድሮው ባዮስ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው፣ ኮምፒውተሩም ላይነሳ ይችላል። ማዘመኛውን የሚሠሩት በድሮው ፕሮሰሰር ስለሆነ እርሱን ቀድመው አይሽጡት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም አይጀምሩት፤ ዩፒኤስ ከሌለዎት ሱቁ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ።