ውሃ የጠጣ ኮርኒስ በቀለም አይድንም፦ ለቤት ተከራዮች ማስጠንቀቂያ

ክረምቱ ሲወጣ አከራያችሁ «ኮርኒሱን ቀለም እናስቀባውና ወጪውን እንካፈል» ካሏችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ አምና እሺ ብዬ ነበር። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ሲሆን፣ የመኝታ ክፍሉ ኮርኒስ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ችፑድ ነው። ቡናማ እድፍ የወጣባቸው አራት ችፑዶች በመስከረም መጨረሻ ስቱኮ ተለቅልቀው ሁለት ጊዜ ፕላስቲክ ቀለም ተቀቡ፤ ከተጠየቀው 6,000 ብር ግማሹን ከኪሴ ከፈልኩ። እስከ ግንቦት ድረስ ኮርኒሱ አዲስ መስሎ ቆየ። በሐምሌ እድፉ በዚያው ቦታና በዚያው ቅርጽ ተመልሶ ወጣ፤ አንዱ ችፑድም ወደ ታች ጎበጠ።

ዘንድሮ ያው ሐሳብ በድጋሚ ሲቀርብልኝ በቃል መከራከሩን ትቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። አከራዬ ክፉ ሰው ስላልሆኑ፣ ቀለሙ ለምን እንደማይሠራ በዝርዝር ቢነገራቸው ይረዱኛል ብዬ አሰብኩ። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው እንዲጠቀምበት ደብዳቤውን ከነዝርዝሩ አስቀምጣለሁ።

«ለተከበሩ አከራዬ፣

ጉዳዩ፦ በውሃ የተበላሹት የኮርኒስ ችፑዶች ቀለም ከሚቀቡ ይልቅ እንዲቀየሩ ስለመጠየቅ።

እንደሚያውቁት የመኝታ ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ሲሆን፣ ኮርኒሱ ሜትር በሜትር በተቆረጡ 12 ችፑዶች የተሸፈነ ነው። ጉዳት የደረሰባቸው በአሸንዳው በኩል ባለው ግድግዳ ጥግ የሚገኙት አራቱ ናቸው። እያንዳንዱን በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ሞክሬዋለሁ። ሁለቱ እንደ ረጠበ ካርቶን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፤ ከእነዚህም አንዱ፣ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሬ ስለካው፣ መሐሉ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ወርዷል። ሦስተኛው ለጣት ጠንካራ ቢመስልም ጠርዙ አብጦ 11 ሚሊ ሜትር ደርሷል። አራተኛው ግን እድፍ ብቻ እንጂ ሌላ ጉዳት ስለሌለበት፣ እንዲቀየር አልጠይቅም።

ችፑድ ጣውላ አይደለም። የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተለውሶና በማሽን ተጨምቆ የሚሠራ በመሆኑ፣ ውሃ ሲገባበት የእንጨቱ ፍርፋሪ ያብጣል፣ የያዘው ሙጫም ይላቀቃል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል እንጂ የተላቀቀው ሙጫ ተመልሶ አይያያዝም፤ ያበጠው ጠርዝ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ያልተመለሰውም ለዚህ ነው። እንዲህ የላላ ችፑድ በምስማሩ ራስ ዙሪያ እየተቦደሰ ይሄዳል፤ ስቱኮና ቀለም ሲጨመርበት ደግሞ የሚሸከመው ክብደት ይበዛል እንጂ ጥንካሬ አያገኝም። አልጋው የሚገኘው በትክክል ከጎበጠው ችፑድ ሥር መሆኑን እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ።

አምና የተቀባው ቀለም እድፉን ያልያዘው ቀቢው ሰንፎ አይደለም። ቡናማው እድፍ ከእንጨቱ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ ቀለም ነው፤ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ራሱ በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ እድፉን እያሟሟ ወደ ላይ ያወጣዋል። በዘይት ቀለም ቢቀባ እድፉ ለጊዜው ይሸፈናል፤ ነገር ግን ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ቀለሙ የሚቀባው ከታች ስለሆነ፣ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ እንጨቱ ውስጥ ይቆያል። የኮርኒሱን መውጫ ቀዳዳ ከፍተን ስናይ የሁለቱ ችፑዶች የላይኛው ገጽ በሻጋታ ጠቁሯል፤ ይህን ከታች የሚቀባ ቀለም ሊደርስበት አይችልም። የመብራቱ ሽቦ መገጣጠሚያም በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ እነዚሁ እርጥብ ችፑዶች ላይ ተቀምጧል።

የውሃው መግቢያ ታውቋል። እኩለ ቀን ላይ በዚያው ቀዳዳ ወደ ላይ ስንመለከት፣ ጎማቸው ደርቆ በተሰነጣጠቀ ሁለት የቆርቆሮ ምስማሮች ዙሪያ የፀሐይ ብርሃን ይታያል። አሸንዳውም በቅጠል ተደፍኖ፣ ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከጣራው ነው፤ ምስማሮቹ ተለውጠውና አሸንዳው ተጠርጎ፣ በጎማ ቱቦ ውሃ ተለቆበት ጠብታ አለመኖሩ ይታይ። ከዚያ ሦስቱ ችፑዶች ይነሱና የተመቱበት ሞራሌ በካቻቢቴ ጫፍ ይፈተሽ፤ ጫፉ ያለ ጉልበት ከገባ ያ ሞራሌ በስብሷል። የመብራቱ ሽቦም በዚሁ አጋጣሚ ይስተካከል። ቦታው በጥቅምት ፀሐይ አሥር ቀን ያህል ክፍት ሆኖ እስኪደርቅ እኔ ሳሎን መተኛት እችላለሁ። አዲሶቹ ችፑዶች ከመመታታቸው በፊት በሁለቱም ገጽና በተቆረጠው ጠርዛቸው የዘይት ቀለም ቢቀቡ፣ ወደፊት ትንሽ እርጥበት ቢመጣ ይቋቋማሉ።

አናጢው ለዚህ ሁሉ 9,500 ብር ጠይቋል። ቀለሙ 6,000 ብር ቢሆንም፣ አምናም 6,000 ብር ወጥቶበት አንድ ክረምት አላለፈም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተከራየውን ቤት በደህና ሁኔታ መያዝና አስፈላጊውን ጥገና ማድረግ የአከራዩ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጣራ ማፍሰስም ከተከራይ አያያዝ የመጣ ጉዳት አይደለም። ስለሆነም ወጪውን እርስዎ እንዲሸፍኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፎቶዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣ ተከራይዎ»

ደብዳቤውን ለሚጠቀም ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የራሳችሁን ኮርኒስ ሳትፈትሹ «ሁሉም ይቀየር» አትበሉ። ውሃው የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ፍሳሹ ከተደፈነ፣ ችፑዱም ደርቆ ጠንካራና ቀጥ ያለ ከሆነ፣ መጀመሪያ የዘይት ቀለም ከዚያ ፕላስቲክ ቀለም መቀባቱ በቂ ነው። አራተኛውን ችፑድ ለይቼ መተዌ አከራዬ ቀሪውን ጥያቄ እንዲያምኑኝ ረድቷል ብዬ አስባለሁ። ኮርኒሱ ጅብሰም ከሆነ ደግሞ የምትፈትሹት ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ከተላቀቀ ወይም ውስጡ በጣት የሚፈረፈር ከሆነ መቀየር አለበት።

ሁለተኛ፣ በጥቅምትና በኅዳር ቤት የምትፈልጉ ሰዎች ከደላላው ጋር ስትገቡ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ተመልከቱ። አንድ ጥግ ብቻ ከሌላው ነጥቶ ወይም አብረቅርቆ ከታየ፣ ወይም የችፑዱ መጋጠሚያ አብጦ ከወጣ፣ ያ ቀለም የተቀባው ለማሳመር ላይሆን ይችላል። ስለ ጣራው ጠይቁ፤ የሚሰጣችሁን መልስም በውሉ ላይ አስጽፉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ የኮርኒሱ ሁኔታ በአንድ መስመር ቢጨመርበት ከባድ ነገር አይደለም። እኔ ይህን ባለማድረጌ፣ እድፉ ከእኔ በፊት የነበረ መሆኑን የማሳይበት ወረቀት የለኝም።

አከራዬ ደብዳቤውን ካነበቡ ከአራት ቀን በኋላ መጥተው ራሳቸው መሰላል ላይ ወጡ፤ የጎበጠውን ችፑድ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ጣታቸው ወደ ውስጥ ገባ። የጣራው ምስማሮች ባለፈው ቅዳሜ ተለውጠዋል። ሦስቱ ችፑዶች ተነስተዋል፤ አንደኛው ሞራሌም በስብሶ በመገኘቱ እሱም ይቀየራል። አዲሱ ችፑድ የሚመታው ቦታው ሲደርቅ ነው።