ለአሮጌው ቪዲዮ ዴክ የቱ ይሻላል፦ አጭሩ ገመድ ወይስ መቀየሪያው ሳጥን?

የወላጆቼን የሠርግ ካሴት ለማየት ዴኩን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለውን የአርሲኤ ገመድ ከኋላው ሰካሁ። ሌላው ጫፍ ግን በአዲሱ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ የሚገባበት አጣ። ወዲያው ሱቅ ሄጄ መቀየሪያ ሳጥን ገዛሁ። የሚያስፈልገኝ ቀዳዳ እዚያው ቴሌቪዥኑ ላይ እንደነበረ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ቢጫው ምስሉን፣ ነጩ የግራውን፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ይሸከማል። በብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ ሦስቱም በአንዲት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በምታህል ክብ መግቢያ ተጠቃለዋል፤ አጠገቧ AV IN ተብሎ ይጻፋል። ለዚህች መግቢያ የሚሆነው አጭር ገመድ በአንድ ጫፉ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለበት ቀጭን መሰኪያ፣ በሌላው ጫፉ ሦስቱ ባለቀለም ሴቴ መሰኪያዎች አሉት። አንዳንድ ቴሌቪዥን ደግሞ የቢጫውን ቦታ፣ ምስሉን በሦስት ገመድ ከሚቀበሉት መግቢያዎች አንዱ ከሆነው ከአረንጓዴው ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ቢጫው እዚያ ይገባል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ገመዱ አልተበላሸም፤ ቴሌቪዥኑ ምስሉ በሦስት ገመድ ተከፋፍሎ የሚመጣ መስሎት ነውና በሪሞቱ AV የሚለውን ምረጡ።

የአጭሩ ገመድ ችግር አንድ ነው፦ ሁሉም በአንድ ዓይነት አልተሠራም። በቀለበቶቹ ላይ ምስሉና ድምፁ የተቀመጡበት ተራ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የቪዲዮ ካሜራ ገመድ እየገባ እንኳን ላይሠራ ይችላል። ምስል ጠፍቶ ከድምፅ ማጉያው ኃይለኛ እዝዝታ ከተሰማ የምስሉ ምልክት ወደ ድምፁ መስመር ገብቷል ማለት ነው። ከመመለሳችሁ በፊት የዴኩን ቢጫ በቀዩ፣ ከዚያም በነጩ ቦታ ሰክታችሁ ሞክሩ። በየትኛውም ቦታ ካልሆነ የመሬት መስመሩ ራሱ ሌላ ቀለበት ላይ ነው፤ ያንጊዜ ገመዱን መለወጥ ብቻ ነው መፍትሔው። ስለዚህ ለቴሌቪዥናችሁ ሞዴል የተሠራውን ፈልጉ።

ቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ግን ሳጥኑ ግድ ነው። ሲገዙ አቅጣጫውን ማየት ይገባል፤ AV2HDMI የሚለው ነው የሚፈለገው፤ HDMI2AV የሚለው ሥራው ተቃራኒ ነው፣ መልካቸውም መንትያ ነው። ሳጥኑ በዩኤስቢ 5 ቮልት ይፈልጋል። ጎኑ ላይ 720p እና 1080p የሚል ማብሪያ አለው፤ ሻጩ ለ1080p ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቅ አትክፈሉ። ካሴቱ ላይ የሌለ ዝርዝር ከየትም አይመጣም። ሌላው ጣጣ ደግሞ ርካሾቹ የጥንቱን 4 ለ 3 ምስል እስከ ዳር ይለጥጡታል፤ ሙሽሪት ወፍራ ትታያለች። በቴሌቪዥኑ የምስል ስፋት ምርጫ 4:3 ማድረግ ያስተካክለዋል፤ ቴሌቪዥናችሁ በኤችዲኤምአይ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ግን የማጥበቢያ ቁልፍ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል።

ሁለቱን አፈራርቄ በአንድ ካሴት ሞከርኋቸው። ደህና በተቀመጠው ክፍል ልዩነቱ ኢምንት ነው። ኬክ የሚቆረስበት ቦታ ግን ደጋግሞ ስለታየ ክሩ ሳስቷል። እዚያ ላይ ሲደርስ ሳጥኑ ምልክቱ ጠፋብኝ ብሎ ማያውን አጨለመው፤ ምስሉ ሲመለስ ኬኩ ተቆርሶ አልቋል። በአጭሩ ገመድ በኩል ሥዕሉ ላይኛው ጫፉ ተንጋደደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ነገር ግን አልጠፋም። ያረጀ ካሴት የመስመሮቹን ጊዜ በትክክል አይጠብቅም፤ ርካሽ ሳጥን ይህን አይታገስም፣ የቴሌቪዥን የራሱ መግቢያ ብዙውን ጊዜ ይታገሳል። ከታች የሚታየው የሚርገበገብ ቀጭን መስመር ግን የዴኩ የራሱ ነው፤ የድሮው ቴሌቪዥን ከጠርዙ በስተጀርባ ይደብቀው ነበር እንጂ አዲስ ብልሽት አይደለም።

እንግዲህ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ AV IN ካለ አጭሩ ገመድ፤ ከሌለ ሳጥኑ። ዲቪዲ ማጫወቻ ብቻ ላለው ሰው ሳጥኑ ያለ ሐሳብ ይበቃል፤ ምልክቱ የረጋ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ያለው ሰው ግን ገመድ ከመግዛቱ በፊት ዴኩን ይመልከት። የአሜሪካው የምስል ሥርዓት ኤንቲኤስሲ 525 መስመር፣ የእኛው ፓል 625 መስመር ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን ሁለቱንም ብዙ ጊዜ ይቀበላል፤ ዴኩ ኤንቲኤስሲን ካላነበበ ግን የትኛውም ገመድ፣ የትኛውም ሳጥን የዘመድን ሠርግ አያሳየውም። ዴኩ ፊት ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ NTSC PLAYBACK የሚል ጽሑፍ ካለ ይሠራል።