በየቀኑ አምስት ደቂቃ ወይስ እሁድ ብቻ?

ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ድመታችን ጸጉሯ ረጅም ነው። መጀመሪያ እሁድ እሁድ ብቻ ለአንድ ሰዓት ያህል ላበጥራት እሞክር ነበር። ጀርባዋ ያምር ነበር፤ ብብቷ ስር ግን በሳምንቱ ውስጥ የረገፈው ጸጉር ካልረገፈው ጋር ተጠላልፎ ይቋጠራል። ቋጠሮው ቆዳዋን ስለሚጎትት ያማታል። ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ትነክሰኝና ትሸሻለች።

አሁን በየማታው አምስት ደቂቃ ነው። ሰፋ ያለ ጥርስ ያለውን የብረት ማበጠሪያ እይዛለሁ። ለስላሳ ብሩሽ ላይ ላዩን ብቻ ያልፋል፤ ማበጠሪያው ግን እስከ ቆዳ ይደርሳል፣ ከያዘም ቋጠሮ እንዳለ ወዲያው ይታወቃል። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከብብቷ፣ ከሆዷና ከኋላ እግሮቿ እጀምራለሁ። ጀርባዋ መጨረሻ ይደርሳል። ቋጠሮ ሳገኝ ስሩን በጣቴ ይዤ ከጫፉ በትንሽ በትንሹ እፈታዋለሁ። በመቀስ አልነካውም፤ የድመት ቆዳ ስስ ስለሆነ ከቋጠሮው ጋር ተነስቶ በቀላሉ ይቆረጣል። ሳይፈታ ማጠብም የባሰ ያጠብቀዋል።

ለእኔ የየቀኑ ይሻላል። የረገፈውን ማበጠሪያው ካልወሰደው በሻካራ ምላሷ ስትልስ ትውጠዋለች። ድሮ ምንጣፉ ላይ የምታስመልሰው የጸጉር ጥቅልም አሁን ቀንሷል። የእሁዱ ፕሮግራም አጭር ጸጉር ላላት ድመት ይበቃል።

ማበጠር የማይፈታውም አለ። ደጋግማ እያቅለሸለሻት ምንም ካልወጣና ምግብ እምቢ ካለች፣ ጸጉሩ አንጀቷን ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይያት።