ስምንት ወር ከኮይን ማጣሪያዬ ጋር፦ ዝምታውንም ጩኸቱንም መልመድ

ይህን ማጣሪያ የገዛሁት ከሦስት መቶ በላይ የክሪፕቶ ኮይኖችን በየአራት ሰዓቱ በዓይኔ መከታተል ስላልቻልኩ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለቀናት በጠባብ የዋጋ ክልል ውስጥ ሲዋልል የቆየ ኮይን፣ ከወትሮው በበዛ የግብይት መጠን የክልሉን ጣሪያ ጥሶ ሲወጣ እንዲነግረኝ። መሣሪያው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ቅንብር ይዞ ስለሚመጣ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ተኛሁ። በማግስቱ ስልኬ ላይ የጠበቀኝ የማንቂያ ብዛት ግን ለአንድ ሰው ቀርቶ ለአንድ ቢሮም የሚበቃ ነበር።

ጥፋቱ የዝርዝሩ ነበር። ያው ኮይን ከተለያዩ ገንዘቦች ጋር ስለሚገበያይ ሦስትና አራት ጊዜ ይጮኻል። ከዶላር ጋር የተቆራኙት ስቴብልኮይኖች የሳንቲም ሽራፊ ባነቃነቁ ቁጥር «ክልል ጥሰው» ይወጣሉ። ስለዚህ በ`USDT` የሚገበያዩትን ብቻ አስቀረሁ፣ ስቴብልኮይኖችን አወጣሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የተገበያየውንም ጣልኩ። እዚህ ላይ የግብይት መጠኑን በኮይን ቁጥር ሳይሆን በገንዘብ መለካት ግድ ነው። ዋጋው ከሳንቲም ሽራፊ በታች የሆነ ኮይን በቢሊዮን የሚቆጠር ፍሬ ቢገበያይም በገንዘብ ሲሰላ እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የራሴን ቀመር ጻፍኩ። ማጣሪያውም ጭጭ አለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድም ማንቂያ አልመጣም፤ እኔም ገበያው ተኝቷል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። የጻፍኩት ይህ ነው፦

```
close > highest(high, 20)
```

ካንድል ማለት በገበታው ላይ የአንድ የተወሰነ ጊዜን ዋጋ ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው የሚያሳይ ምሰሶ ነው። ቀመሩ ሲያዩት ትክክል ይመስላል፦ መዝጊያ ዋጋው ካለፉት 20 ካንድሎች ከፍተኛ ዋጋ ይበልጣል ወይ? ችግሩ ከ20ዎቹ አንዱ ራሱ አሁን ያለው ካንድል መሆኑ ነው። የአንድ ካንድል መዝጊያ ከራሱ ከፍተኛ ዋጋ ሊበልጥ አይችልም፤ ቢበዛ እኩል ይሆናል። ለዘላለም እውነት ሊሆን የማይችል ጥያቄ ጠይቄ መልስ እጠብቅ ነበር። ማሻሻያው ስሌቱን አንድ ካንድል ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ነው፦

```
close > highest(high, 20)[1]
```

ቀመሩ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ አሁን ያለውን ገበያ አልጠብቅም። ባለፈው ወር በግልጽ ክልሉን ጥሶ የወጣ ኮይን መርጬ፣ ቀመሩ በዚያ ካንድል ላይ ምልክት ማድረጉን በገበታው ላይ አያለሁ። ያን ጊዜ ይህን አድርጌ ቢሆን ዘጠኙ ቀን አምስት ደቂቃ ይሆን ነበር።

ጣሪያ መጣስ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ሽቅብ በመጓዝ ላይ ያለ ኮይን በየካንድሉ አዲስ ጣሪያ ስለሚሠራ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ስለዚህ ቀድሞ በነበሩት 20 ካንድሎች በጣሪያውና በወለሉ መካከል ያለው ርቀት ከወለሉ ዋጋ 12 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አኖርኩ። ባለአራት ሰዓት ካንድል ስለምጠቀም፣ ኮይኑ ቢያንስ ለሦስት ቀን ከስምንት ሰዓት ጠባብ ቦታ ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ካንድሉ ሳይዘጋ የሚመጣ ማንቂያ ነው። መሣሪያው ሲገዛ «ወዲያውኑ አሳውቅ» በሚለው ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ ለገዢም የሚያማልል ቃል ነው። ነገር ግን ዋጋው በካንድሉ መሃል ጣሪያውን አልፎ ከመዝጊያው በፊት ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ማንቂያው ስልኬ ላይ አለ፣ ዝርዝሩን ስከፍት ኮይኑ የለም። የግብይት መጠኑም በተቃራኒው ያሳስታል፦ ገና በተጀመረ ካንድል ላይ ያለውን ጥቂት ግብይት ከሙሉ አራት ሰዓት ጋር ማወዳደር እውነተኛውን ፍንዳታ ይደብቃል። «ካንድሉ ሲዘጋ» ወደሚለው ቀየርኩት። አንዳንዴ የመጀመሪያው ጉዞ ያመልጠኛል፤ ሌሊት በከንቱ ከመንቃት ግን ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ግን «ከወትሮው የበዛ» የሚለው ነው። ወትሮው ምንድን ነው? የመሣሪያው ዝግጁ ቅንብር ካለፉት 20 ካንድሎች አማካይ ጋር ያወዳድርና ሦስት እጥፍ ሲሆን ይጮኻል። በሦስተኛው ወር ላይ አንድ ኮይን በ0.420 እና በ0.462 መካከል፣ ማለትም በ10 በመቶ ክልል ውስጥ ቆይቶ በ0.471 ዘጋ። የካንድሉ ግብይት 900,000 ዶላር ነበር። ማጣሪያው ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ ገበታ ሳገላብጥ ኮይኑን 0.53 ላይ አገኘሁት።

ወደ ኋላ ሄጄ 20ዎቹን ካንድሎች አንድ በአንድ ጻፍኩ። 19ኙ እያንዳንዳቸው ወደ 200,000 ዶላር ገደማ ናቸው። አንዱ ግን፣ ከሁለት ቀን በፊት የነበረው፣ 3 ሚሊዮን ነው። አንድ ሰው በጅምላ ሸጦ፣ ሌላው እዚያው ገዝቶ፣ ዋጋው ከክልሉ ሳይወጣ ያለፈ ግብይት። ያ አንድ ካንድል አማካዩን ወደ 340,000 ሰቀለው። 900,000 ለ340,000 ሲካፈል 2.6 ብቻ ስለሚሆን ከሦስት እጥፍ በታች ቀረ። አስቂኙ ነገር፣ ከጥሰቱ በፊት የሚታይ እንዲህ ያለ ትልቅ ግብይት ለእኔ የሚስብ ምልክት ነው፤ ማጣሪያዬ ግን በእርሱ ምክንያት ታወረ።

መፍትሔው አማካዩን ትቶ፣ 20ውን ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን መውሰድ ነው። በዚህ ኮይን ላይ የመሃሉ ቁጥር 200,000 ስለሆነ ውጤቱ 4.5 እጥፍ ይሆናል፣ ማንቂያውም ይመጣል።

```
quoteVolume > 3 * median(quoteVolume, 20)[1]
```

አሁን በተረጋጋ ቀን ሦስት ወይም አራት ማንቂያ ይደርሰኛል። ቢትኮይን በድንገት ሲነሳ ግን ሠላሳ ኮይን በአንድ ካንድል አብሮ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ዜና ሳይሆን አንድ ዜና ሠላሳ ጊዜ ደርሶኛል። እንዲህ ሲሆን ኮይኑ ከቢትኮይን አንጻር ያለውን ገበታ እከፍታለሁ። በዶላር ጣሪያውን ጥሶ በቢትኮይን ግን እዚያው ክልሉ ውስጥ ከተቀመጠ፣ በሰው ጉልበት የተነሳ ነውና አልፈዋለሁ። ይህን ማጣሪያው ራሱ ቢሠራልኝ ደስ ባለኝ፤ በማንቂያው ቀመር ውስጥ ሁለት ገበታ ማነጻጸር ግን አይቻልም።

ሐሰተኛ ግብይትንም አይለይም። አንድ ሰው ለራሱ እየሸጠ ከራሱ ቢገዛ ለቀመሩ ያው ግብይት ነው። የምጠረጥረው ፍንዳታው በአንድ መገበያያ መድረክ ላይ ብቻ ታይቶ ሌሎቹ ላይ ከሌለ፣ ወይም የግዢና ሽያጭ ትእዛዙ መዝገብ ሳስቶ ሳለ የግብይቱ ቁጥር ካበጠ ነው።

የቀረኝ ቅሬታ አዲስ ስለሚመዘገቡ ኮይኖች ነው። ገና ስድስት ካንድል ብቻ ያለው ኮይን ሲያገኝ መሣሪያው «መረጃ አይበቃም» ማለት ሲገባው በስድስቱ አስልቶ ይጮኻል። ሁለት ጊዜ ጽፌላቸው ሁለቴም «እየተመለከትነው ነው» የሚል መልስ መጣ። እስከዚያው 20 ካንድል ያልሞላቸውን በእጄ እየሰረዝኩ፣ የዓመት ክፍያው ቅናሽ ቢኖረውም በየወሩ እከፍላለሁ።